ጨዋታውን አቋርጦ ስለሚወጣ የቴኒስ ተጫዋችና ስለ ተወራራጁ ገንዘብ
ግልጽ ደብዳቤ ለብሔራዊ ሎተሪ

ክቡራን ሆይ፥

ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የዕጣ ነገር በሕግና በሥርዓት እንዲመራ አደራ የተቀበለው መሥሪያ ቤታችሁ፥ ዛሬ ደግሞ ለስፖርት አወራራጅ ድርጅቶች ፈቃድ የሚሰጥና እነርሱንም የሚቆጣጠር እንደ መሆኑ፥ ይህን ደብዳቤ ከቢሾፍቱ ስጽፍላችሁ የውርርድን ክፉነት ወይም በጎነት ለመስበክ አይደለም፤ እርሱን የሚሰብኩ ካህናትና ወላጆች አሉ፥ እኔም በቤቴ የምለውን እላለሁ። የምጽፈው በመዝገብ ሥራ ያረጀሁና እንግሊዝኛ የማነብ ሰው በመሆኔ የሠፈሬ ወጣቶች የውርርድ ቲኬታቸውን እየያዙ «ጋሼ፥ ይህ ለምን ተሰረዘ? ያኛው ለምን ተከፈለ?» እያሉ ሲጠይቁኝ፥ ነገሩን በመረመርሁ ቁጥር ጥፋቱ ከልጆቹ አለማወቅ ይልቅ ከአንድ ያልታተመ ደንብ የሚመጣ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ይኸውም የቴኒስ ተጫዋች በጨዋታው መካከል ታሞ ወይም ተጎድቶ ሲወጣ የተወራራጁ ገንዘብ ምን ይሆናል የሚለው ደንብ ነው።

በእግር ኳስ ይህ ጥያቄ የለም ማለት ይቻላል፤ አንድ ተጫዋች ቢጎዳ ሌላው ይተካዋል፥ ዘጠናው ደቂቃም ይፈጸማል። በቴኒስ ግን ተተኪ የለም፥ የተወሰነ ሰዓትም የለም፤ ጨዋታው የሚፈጸመው ከሁለቱ አንዱ የሚበቃውን ያህል ዙር ሲያሸንፍ ብቻ ስለሆነ፥ የአንዱ ቁርጭምጭሚት ወይም ጡንቻ እምቢ ባለ ጊዜ ባላንጣው ያላለቀውን ጨዋታ እንዳሸነፈ ተቆጥሮ ወደሚቀጥለው ግጥሚያ ያልፋል። የውድድሩ አዘጋጅ አሸናፊውን ጽፎ መዝገቡን ይዘጋል። አወራራጁ ግን የአዘጋጁን መዝገብ እንዲቀበል የሚያስገድደው የለም፤ የራሱን ደንብ ይጽፋል፥ የአንዱም ደንብ ከሌላው ደንብ ጋር አይስማማም። የእግር ኳስ ጨዋታ በማይገኝበት ሰዓት፥ ይልቁንም በጥር ወር የአውስትራሊያው ውድድር በእኛ ጠዋት በሚካሄድበት ጊዜ፥ ስለ ቴኒስ ብዙም የማያውቅ ልጅ ሁሉ ቲኬት የሚቆርጠው በዚህ ስፖርት ላይ መሆኑን ስታስቡ ነገሩ ትንሽ እንዳልሆነ ትረዱታላችሁ።

ደንቦቹ በብዙ ቃል ቢጻፉም ሥራቸው በሦስት መንገድ ይከፈላል። አንደኛው መንገድ፥ የመጀመሪያው ኳስ ከተመታ በኋላ ማንም ቢያቋርጥ ወደሚቀጥለው ግጥሚያ ያለፈው ሰው አሸናፊ ነው፥ በእርሱ ላይ የመደበ ይከፈለዋል፥ በወጣው ላይ የመደበ ይከስራል ይላል። ሁለተኛው፥ ቢያንስ አንድ ዙር በሙሉ ካልተጠናቀቀ ውርርዱ ሁሉ ይሰረዛል፥ ከተጠናቀቀ ግን ያለፈው ሰው አሸናፊ ነው ይላል፤ አልፎ አልፎም ሁለት ዙር ይጠናቀቅ የሚል አለ። ሦስተኛው ደግሞ ጨዋታው እስከ መጨረሻው ነጥብ ካልተፈጸመ በስተቀር ምንም አይቆጠርም፥ ለሁሉም የመደበው ይመለስለታል ይላል። ጨዋታው ጭራሽ ሳይጀመር አንዱ ቢቀር ግን በግጥሚያው አሸናፊ ላይ የተደረገውን ውርርድ መሰረዝ የተለመደ ስለሆነ በዚያ ብዙም ጠብ የለም።

ከነዚህ ሦስት መንገዶች የሚወጣው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ በአንድ እውነተኛ ጨዋታ ላሳያችሁ። ግንቦት 26 ቀን 2014 ዓ.ም. በፓሪስ በሮላን ጋሮስ ግማሽ ፍጻሜ፥ ያን ዕለት ሠላሳ ስድስተኛ የልደት በዓሉን ያከብር የነበረው ራፋኤል ናዳል ከጀርመናዊው ከአሌክሳንደር ዝቬሬቭ ጋር ተገናኘ። የመጀመሪያውን ዙር ናዳል 7 ለ 6 ወሰደ፥ እርሱም በታይብሬክ 10 ለ 8 ነበር፤ ሁለተኛው ዙር 6 እኩል በደረሰበት ቅጽበት ዝቬሬቭ ኳስ ሊያድን ሮጦ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ታጠፈ፥ በተሽከርካሪ ወንበር ተወስዶ ወጣ፥ ጥቂት ቆይቶም በክራንች ተደግፎ ተመልሶ የዳኛውንና የናዳልን እጅ ጨብጦ ተሰናበተ። ከሦስት ሰዓት በላይ ተጫውተው ገና ሁለተኛውን ዙር አልጨረሱም ነበር።

አሁን በቢሾፍቱ ሦስት ጎረቤታሞች ነበሩ እንበል፤ ሦስቱም በሦስት የተለያዩ ቤቲንግ ቤቶች ለናዳል ማሸነፍ ሁለት ሁለት መቶ ብር በ1.50 ኦድ መድበዋል። የፊተኛው ቤት የኳስ መመታትን ብቻ የሚጠይቅ ነውና ሦስት መቶ ብር ይከፍላል። ሁለተኛው አንድ ዙር ተፈጽሟልና እርሱም ሦስት መቶ ይከፍላል፤ ነገር ግን ሁለት ዙር የሚጠይቅ ቢሆን ኖሮ 6 እኩል ያልተፈጸመ ዙር ስለሆነ ይሰርዘው ነበር። ሦስተኛው ሁለት መቶውን ብቻ ይመልሳል። በዝቬሬቭ ላይ የመደበ አራተኛ ጎረቤት ደግሞ በሁለቱ ቤቶች ገንዘቡን ያጣል፥ በሦስተኛው ቤት ግን አንድ ብር ሳይጎድል ይመለስለታል። ጨዋታው አንድ፥ ኦዱ አንድ፥ ውጤቱም በዓለም መዝገብ አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዱ በየበሩ ይለያያል።

ይህ ጨዋታ ለብቻው ሳይሆን በአንድ ቲኬት ላይ ከሌሎች ጋር የተጣመረ እንደ ሆነ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ የእኛ ልጆችም የሚቆርጡት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለውን ነው። አንድ መቶ ብር በሦስት ጨዋታዎች ላይ በ1.50፥ በ1.80 እና በ2.00 ኦድ ቢመደብ ሦስቱ ተባዝተው 5.40 ይሆናሉ፥ ሁሉም ከያዙ ግብሩን ለጊዜው ትተን አምስት መቶ አርባ ብር ይገኛል። የናዳል ጨዋታ የተሰረዘበት ቤት ግን ቲኬቱን አይጥለውም፤ የተሰረዘውን ጨዋታ ኦድ 1 አድርጎ ይቆጥርና የቀሩትን ሁለቱን ያባዛል፥ 3.60 ይሆናል፥ ሦስት መቶ ስድሳ ብር ይከፍላል። ልጁ «አንድ መቶ ሰማንያ ብር ሰረቁኝ» ብሎ ይጮኻል። አልሰረቁትም፤ ግን በቆረጠ ጊዜ ማንም አልነገረውም፥ በቲኬቱም ላይ አልተጻፈለትም።

ከዚህ ሌላ ከማሸነፍና ከመሸነፍ ውጭ ያሉ ውርርዶች አሉ፥ ከእነርሱም የጌሞች ብዛት ላይ የሚደረገው እጅግ የተለመደ ነው። በዚህ ላይ አብዛኞቹ ቤቶች አንድ ጥሩ መሠረታዊ ሐሳብ ይከተላሉ፤ ተጫዋቹ ከመውጣቱ በፊት ቁርጡ የታወቀ ነገር ይጸናል፥ ያልታወቀ ይሰረዛል። በፓሪሱ ጨዋታ የመጀመሪያው ዙር አሥራ ሦስት፥ ሁለተኛው አሥራ ሁለት ጌም ተጫውተውበት ጠቅላላው ሃያ አምስት ስለሆነ፥ «ከ24.5 በላይ» ያለ ሰው አሸንፏል፥ «ከ24.5 በታች» ያለው ከስሯል፥ የመጀመሪያውን ዙር ናዳል ይወስዳል ያለም እንዲሁ ተከፍሎታል። ታዲያ «ከ31.5 በላይ» ያለውስ? እዚህ ላይ ጥቂቶቹ ቤቶች ከሌሎቹ ይልቅ ጠልቀው ያስባሉ። 6 እኩል የሆነ ዙር የግድ በታይብሬክ ይፈጸማል፥ ጠቅላላውም ሃያ ስድስት ይሆናል፤ ሦስት ዙር ማሸነፍ ግዴታ ነውና ጨዋታው በምንም መንገድ ቢጠናቀቅ ቢያንስ አንድ ሌላ ዙር፥ እርሱም ቢያንስ ስድስት ጌም፥ ይጨመርበታል፤ ስለዚህ ከሠላሳ ሁለት ጌም በታች ሊያልቅ አይችልም ነበር። ይህን የሚቀበል ቤት «ከ31.5 በላይ» ላለው ይከፍላል፥ የማይቀበል ቤት ሃያ አምስት ጌም ብቻ ነው የተጫወቱት ብሎ ይሰርዛል። በአንድ ዙር ውስጥም እንዲሁ ነው፤ 4 እኩል ላይ ቢቋረጥ ዙሩ ከአሥር ጌም ባነሰ ሊያልቅ ስለማይችል «ከ9.5 በላይ» የያዘ ሰው እንደ አሸነፈ የሚቆጠርባቸው ቤቶች አሉ። የእኔ ፍርድ ከእነዚህ ጋር ነው፤ የቁጥር ሕግ የወሰነውን ነገር የቁርጭምጭሚት መታጠፍ ሊያፈርሰው አይገባም።

ተጫዋቹ በራሱ ፈቃድ ሳይሆን በዳኛ ተባሮ የወጣ እንደ ሆነስ? ጳጉሜን 1 ቀን 2012 ዓ.ም. በኒውዮርክ ኖቫክ ጆኮቪች በመጀመሪያው ዙር በፓብሎ ካሬኞ ቡስታ 6 ለ 5 እየተመራ ሳለ፥ በንዴት ወደ ኋላው የመታው ኳስ የመስመር ዳኛዪቱን ጉሮሮ ስላገኛት ከውድድሩ ተባረረ። አንድ ዙር እንኳ አልተፈጸመም። በአንድ ዙር ደንብ የሚመሩ ቤቶች ማቋረጥንና መባረርን አንድ አድርገው ከጻፉ ውርርዱ ይሰረዛል፥ በዓለም አንደኛ የነበረውን ሰው የመረጠው ሁሉ ገንዘቡ ይመለስለታል፤ መባረርን ለይተው «ያለፈው ሰው አሸናፊ ነው» ብለው የጻፉ እንደ ሆነ ግን ለካሬኞ ቡስታ ይከፈላል። ስለ መባረር ምንም ያልጻፈ ቤት ደግሞ በዚያች ሰዓት የሚጠቅመውን ይመርጣል። ደንብ የሚያስፈልገው ነገሩ ሳይመጣ በፊት እንጂ ከመጣ በኋላ አይደለም።

ያው ጆኮቪች ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም. በሜልቦርን ግማሽ ፍጻሜ ከዝቬሬቭ ጋር ሲጫወት የመጀመሪያውን ዙር በታይብሬክ 7 ለ 5 ተሸነፈና ወዲያው፥ ሁለተኛው ዙር ሳይጀመር፥ በእግሩ ጡንቻ ጉዳት ምክንያት እጁን ሰጥቶ ወጣ። ዙሩ ተፈጽሟልና በአንድ ዙር ደንብ በዝቬሬቭ ላይ የመደበ ተከፈለው። ያቺ የመጨረሻዋ ነጥብ ሳትመታ ቢሆን ኖሮ ግን ሁሉ ይሰረዝ ነበር። ለብዙ ሰው ገንዘብ የሚያስገኘው ወይም የሚያሳጣው ወሰን አንድ ታሞ የቆመ ሰው አንድ ነጥብ ታገሠ ወይስ አልታገሠ በሚል ላይ የተሰቀለ መሆኑን አትርሱ።

አንዳንዱ «ደንቡ ይለያይ፥ ተወራራጁ የሚወደውን ይምረጥ» ይል ይሆናል። ይህ ነገር ባልከፋ ነበር፤ ግን ደንቡ የኦዱ ክፍል መሆኑን ያላወቀ ሰው ምርጫ አለው አይባልም። ሁለት እኩል ተጫዋቾችን እናስብ፤ አንደኛው ግን በጉልበቱ የታመመ ነውና ከመቶ ጨዋታ አሥሩን ያቋርጣል፥ ከአሥሩም አምስቱን አንድ ዙር ሳይፈጸም፥ አምስቱን ከተፈጸመ በኋላ። በቀሩት ዘጠና ጨዋታዎች አርባ አምስት ለአርባ አምስት ይከፋፈላሉ። ጨዋታው ካልተፈጸመ ሁሉ በሚሰረዝበት ቤት ትክክለኛው ኦድ ለሁለቱም 2.00 ነው። የመጀመሪያው ኳስ በሚበቃበት ቤት ግን ጤነኛው ከመቶው ሃምሳ አምስቱን ያሸንፋልና ትክክለኛ ኦዱ 1.82 አካባቢ፥ የታመመው 2.22 አካባቢ መሆን ይገባዋል። በአንድ ዙር ደንብ አምስቱ ተሰርዘው ከዘጠና አምስቱ ሃምሳውን ጤነኛው ስለሚወስድ 1.90 እና 2.11 ይሆናሉ። እንግዲህ የመጨረሻውን ነጥብ በሚጠብቅ ቤት ጤነኛውን ተጫዋች በ1.85 የሚገዛ ልጅ ኦዱ ከጎረቤቱ ቤት ከፍ ስላለለት ደስ ሲለው፥ በእውነት ግን የጎዳው መሆኑን ከየት ያውቃል? በእንዲህ ያለ ቤት የታመመውን የመረጠ ሰው የነጻ ዋስትና አለው፥ ጤነኛውን የመረጠው ግን ለዚያ ዋስትና ከፋዩ እርሱ ነው።

ይህን የሚያውቁ ደግሞ አሉ። ስለ ተጫዋቹ ሕመም ወሬ የደረሳቸው ሰዎች ጤነኛውን ኳስ በሚበቃበት ቤት፥ የታመመውን ጨዋታው እንዲፈጸም በሚጠይቅ ቤት ይገዛሉ፤ ቢያቋርጥ አንዱ ይከፈላል፥ ሌላው ይመለሳል። ሳያውቅ በተገላቢጦሽ የገዛ ምስኪን ግን አንዱ ይቀርበታል፥ ሌላው ይመለስለታል፥ ትርፍም አያገኝም።

ወሬው ከተጫዋቹ ክፍል የወጣ እንደ ሆነ ምን እንደሚደርስ በሶፖት ታይቷል። ሐምሌ 26 ቀን 1999 ዓ.ም. በዚያች የፖላንድ ከተማ በዓለም አራተኛ የነበረው ኒኮላይ ዳቪደንኮ ከሰማንያ ሰባተኛው ከማርቲን ቫሳሎ አርጉዌሎ ጋር ሲጫወት የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 2 አሸነፈ፤ ሁለተኛውን 6 ለ 3 ተሸነፈ፥ በሦስተኛው 2 ለ 1 እየተመራ በእግር ጉዳት አቋርጦ ወጣ። እንግዳው ነገር ዳቪደንኮ የመጀመሪያውን ዙር ካሸነፈ በኋላም ገንዘቡ በባላንጣው ላይ መፍሰሱን አለማቆሙ ነበር፤ በአወራራጁ ድርጅት በቤትፌር ብቻ ሰባት ሚሊዮን ዶላር ያህል ተወራርዶበታል፥ ይህም ለእንዲህ ያለ ግጥሚያ ከሚለመደው አሥር እጥፍ ገደማ ነው። የቤትፌር ደንብ የአንድ ዙር ደንብ ነበርና እንደ ፊደሉ ቢሄድ ለቫሳሎ አርጉዌሎ መክፈል ነበረበት፤ ድርጅቱ ግን ከዚያ በፊት አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፥ ውርርዱን ሁሉ ሰረዘ። ተጫዋቾቹ ከዓመት በላይ ከፈጀ ምርመራ በኋላ ነጻ ወጡ። ይህን የምጠቅሰው ማንንም ልከስስ ሳይሆን፥ በጥርጣሬ ጊዜ ደንቡን የማገድ ሥልጣን የማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ካልተጻፈ፥ አወራራጁ ራሱ ተዋዋይ፥ ራሱ ዳኛ፥ ራሱም ከፋይ እንደሚሆን ለማሳየት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1686ኛው አንቀጽ፥ አንዱ ተዋዋይ ለንግዱ ያወጣቸው ጠቅላላ ደንቦች ሌላውን የሚያስገድዱት ይህ ሌላው ወገን አውቋቸው የተቀበላቸው እንደ ሆነ፥ ወይም የመንግሥት ባለሥልጣን የደነገጋቸው ወይም ያጸደቃቸው እንደ ሆነ ብቻ ነው ይላል። ይህን ስታነቡ ጉዳዩ ከእናንተ ደጅ እንደ ደረሰ ታያላችሁ። በእንግሊዝኛ ተጽፎ በስልክ ማያ ሥር በደቃቅ ፊደል የተሸሸገን ደንብ የቢሾፍቱ ልጅ አውቆ ተቀበለ ለማለት ኅሊና አይፈቅድም፤ እንግዲያስ ደንቡ ሊጸና የሚችለው እናንተ መርምራችሁ ያጸደቃችሁት እንደ ሆነ ነው፥ ካጸደቃችሁት ደግሞ ኃላፊነቱ የእናንተ ነው።

ስለዚህ የምለምነው ይህ ነው። ፈቃድ ለያዙት ሁሉ በቴኒስ ማቋረጥ ላይ አንድ ደንብ ይደንገግላቸው፤ እኔ የምመርጠው የአንድ ዙሩን ነው፥ የሜልቦርኑ ጨዋታ እንዳሳየው ወሰኑ ስስ ቢሆንም፥ በማሟሟቂያ ሰዓት የተሰማን የሕመም ወሬ ይዞ የሚሮጠውን ያስታግሣል፥ ከሦስት ሰዓት በላይ የተጫወተንም ሰው ድል ከንቱ አያደርግም። መባረር እንደ ማቋረጥ ይቆጠር። የጌሞች ብዛት ጨዋታው በማናቸውም መንገድ ቢፈጸም ሊደርስበት ግዴታ ከሆነው ቁጥር ጋር እየተመዛዘነ ይፈረድ። ውርርድን በጥርጣሬ ማገድ በድርጅቱ ውሳኔ ብቻ ሳይሆን ለእናንተ በጽሑፍ አስታውቆ ይሁን። የሎተሪ ዕጣ ዋጋውና የሚወጣበት ቀን በላዩ እንደሚታተም፥ በቴኒስ ቲኬት ላይም «አንድ ዙር ሳይፈጸም ከተቋረጠ ገንዘቡ ይመለሳል፥ ከተፈጸመ ያለፈው ተጫዋች አሸናፊ ነው» የሚል አንድ መስመር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይታተም። የተሰረዘ ጨዋታ ያለበት ጥምር ቲኬት ሲከፈል ደግሞ የተቀነሰው ኦድ ስሌት ለባለ ቲኬቱ ተጽፎ ይሰጠው።

የሚቀጥለው የአውስትራሊያ ውድድር በጥር ይጀመራል፤ ደንቡ ከዚያ በፊት እንዲወጣ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፥
አንድ የቢሾፍቱ ነዋሪ